የእንግሊዝኛ ደብዳቤያችን ለምን ይደርቃል?

ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ስንጽፍና እንግሊዝኛ ስንናገር ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነን። ስልክ ተደውሎ ቅዳሜ ሥራ መግባት ትችል እንደሆነ ብትጠየቅ፣ «ሶሪ፣ አይ ካንት» ብለህ ምክንያትህን በአንድ ትንፋሽ ትናገራለህ። ያንኑ መልስ በኢሜይል ጻፍ ስትባል ግን ወንበርህን ታስተካክልና «አይ አም ራይቲንግ ቱ ኢንፎርም ዩ» ብለህ ትጀምራለህ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ፊደሉም ልክ ነው። የሚያነበው ሰው ጋ ሲደርስ ግን ከጠበቃ ቢሮ የወጣ ማስታወቂያ ይመስላል። አንዳንዱ አንባቢ እንዲያውም «ይህ ሰው ተቀይሞኛል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ድርቀት ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ክፍል ውስጥ የተማርነው ነው። «በበት አትጀምሩ፣ በኤንድ አትጀምሩ፣ ዶንት ብላችሁ አትጻፉ፣ ዓረፍተ ነገር ባለቤትና ግስ ከሌለው ስሕተት ነው» የሚሉት አራት ትእዛዞች ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በቀይ እስክሪብቶ ሲጻፉብን ኖረዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከራሳችን ቋንቋ የሚመጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም። አማርኛ አክብሮትን ግሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። «ይምጡ» ካልን አንቱታው እዚያው አለ፤ ሌላ ነገር መጨመር አያስፈልገንም። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሚኒስትሩም ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ነው። አክብሮታችንን የምናኖርበት ቦታ ስናጣ ርዝመት ላይ እናኖረዋለን፤ ቃሉን ሳናሳጥር፣ ዓረፍተ ነገሩን እያስረዘምን፣ «በት» በቂ ሆኖ ሳለ «ሃውኤቨር» እያልን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን አክብሮትን የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው፤ በ«ፕሊዝ»፣ በ«ኩድ ዩ»፣ በ«ታንክ ዩ»፣ ጊዜውን ባለማባከን። ያልተቀነሰው ቃል ለእሱ የሚነግረው አክብሮትን ሳይሆን ርቀትን ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የእኛ አገር ሴት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች እንበል። ልጇ ቅዳሜ ትመረቃለች። ሺፍት ለምትመድበው አለቃዋ ኢሜይል ትጽፋለች። ምሳሌውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አጻጻፉ ግን ብዙ ጊዜ የማየው ነው።

```
Dear Ms. Carter,
I am writing to inform you that I will not be able
to work on Saturday. It is only for this one time.
My daughter is graduating, and I would like to attend.
However, I am available on Sunday. Furthermore, if
Friday night is still open, I will take that as well.
```

አንድም የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ከአለቃዋ ጋር በየቀኑ ኮሪደር ላይ ሰላም የምትባባል፣ ልጇ ስለምትመረቅላት ደስ ያላት እናት የጻፈችው ግን አይመስልም። አሁን ያንኑ ሐሳብ፣ ያንኑ ቅደም ተከተል ይዘን ጥቂት ቦታ ብቻ እንንካው።

```
Dear Ms. Carter,
I won't be able to work this Saturday. Just this one
time. My daughter is graduating, and I'd like to be
there. But I'm free all day Sunday. And if Friday
night is still open, I'll take that too.
```

የተለወጠው ትንሽ ነው። አራት ቦታ ላይ ሁለት ቃላት ተጣብቀው አጠሩ፤ እንግሊዝኛው ኮንትራክሽን የሚለው ነው። «ሃውኤቨር» ወደ «በት»፣ «ፈርዘርሞር» ወደ «ኤንድ» ወረዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ባለቤቱንና ግሱን ጥሎ ሦስት አራት ቃል ብቻ ቀረ፤ ይህ ፍራግመንት ይባላል። እግረ መንገዱን «ልነግርሽ እጽፋለሁ» የሚለው መግቢያም ቀረ፤ ኢሜይሉ መጻፉ በራሱ ያንን ይናገራልና። ደብዳቤው ግን ትሑትነቱን አላጣም። አለቃዋን በማዕረግ ስም ትጠራለች፣ ምክንያቷን ትናገራለች፣ ምትክ ታቀርባለች። ትሕትናው ያለው እዚያ ነው።

ከማሳጠሩ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚፈራውም የሚሳሳተውም እሱ ላይ ነውና።

በዚህ ጉዳይ ሩዶልፍ ፍሌሽን ማንሳት የግድ ነው። ፍሌሽ እ.ኤ.አ. በ1911 ቪየና የተወለደ፣ ሕግ የተማረ ሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ናዚዎችን ሸሽቶ አሜሪካ ገባ፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው አልነበረም። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሠራና በ1946 «ዚ አርት ኦፍ ፕሌን ቶክ» የተባለውን፣ በ1949 ደግሞ «ዚ አርት ኦፍ ሪደብል ራይቲንግ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። አሜሪካውያን እንደሚናገሩት እንዲጽፉ፣ ቃላቱንም በንግግር እንደሚያሳጥሩት እንዲያሳጥሩ ሲወተውት የኖረው ይህ ስደተኛ ነው። በ1955 በጣም የተሸጠለት መጽሐፉ ርዕሱ ላይ ራሱ «ካንት» የሚል ቃል አለበት፤ «ኋይ ጆኒ ካንት ሪድ» ይባላል። የፍሌሽ ታሪክ ለእኛ ትርጉም ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። ቋንቋውን ካደገ በኋላ የያዘ ሰው «ይህን ለማድረግ መብት የለኝም» አላለም፤ ጆሮውን ከፍቶ ሰማና የሰማውን ጻፈ።

ተቃውሞውም የቆየ ነው። የ«ጉሊቨር ትራቭልስ» ደራሲ ጆናታን ስዊፍት በ1710 ታትለር በተባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ ቃላትን እየቆረጡ መጻፍን ክፉኛ ነቅፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበረው ዘመን የሰዋስው መምህራን ነገሩን ይበልጥ አጠበቁት፤ በንግግር የተለመደው በጽሑፍ ነውር ሆነ። እኛ ክፍል ውስጥ የደረሰን የዚያ ዘመን ቅሬታ ነው።

ማሳጠር የሚሠራው በምክንያት ነው። እንግሊዝኛ ሲነገር ሁሉም ቃል እኩል አይጫንም፤ «አይ አም ፍሪ» ሲባል ክብደቱ ያለው «ፍሪ» ላይ ነው፤ «አም» አለ የለም ሳይባል ያልፋል። «አይም» ብሎ መጻፍ ይህንን የድምፅ እውነት ወረቀት ላይ ማውረድ ነው። ሙሉውን ስንጽፍ አንባቢው ጆሮ ውስጥ ያ ትንሽ ቃል ትነሣለች፣ ትጫናለች፣ ያልታሰበ ትርጉምም ትይዛለች። «አይ ዱ ኖት ኖው» የሚል ጽሑፍ ለአሜሪካዊ አንባቢ «አላውቅም» ብቻ ሳይሆን «አላውቅም አልኩህ!» የሚል ቃና ሊኖረው ይችላል። ለዚህ ነው የደረቀ ኢሜይል ቁጣ የሚመስለው። ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ከፍ አድርጎታል።

ከዚሁ ምክንያት ማሳጠር የማይቻልበት ቦታም ይወጣል። ግሱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ክብደት ስለሚይዝ አይቆረጥም። «አር ዩ ፍሪ?» ለሚለው «የስ፣ አይ አም» ይባላል እንጂ «የስ፣ አይም» አይባልም። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሕፃን እንኳ ይህን አይስትም። አሉታው ግን መጨረሻም ላይ ቢሆን ይቆረጣል፤ «ኖ፣ አይ ካንት» ትክክል ነው፤ አሉታው ራሱ ክብደት ስላለው። እንዲሁም ማጽናት ሲያስፈልግ ሙሉው ቃል ይመለሳል። ሰነዱን ፈርሜያለሁ ተብሎ የተከሰሰ ሰው «አይ ዲድ ኖት ሳይን ዲስ» ብሎ መጻፍ ይገባዋል፤ እዚያ ላይ «ዲድንት» ይሰልላል። ስለዚህ የሚያሳጥር ጸሐፊ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ያገኛል። ሌላው ቦታ ሁሉ አጭር ከሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ሙሉ የተጻፈው «ኖት» ጎልቶ ይታያል። ሁሉን ሙሉ አድርጎ ለጻፈ ሰው ግን የሚያጎላበት የለውም።

ደብዳቤዋን መልሳችሁ እዩት። «ማይ ዶተር ኢዝ ግራጁዌቲንግ» የሚለው አልተነካም። በአፍ ብትናገረው «ዶተርስ» ብላ ታጣብቀው ነበር። በጽሑፍ ግን ከስም ጋር የተጣበቀች ኤስ ለቅጽበት «የልጄ» የሚል ትርጉም ታመጣለች፤ አንባቢው «የልጅሽ ምን?» ብሎ ይጠብቅና ወደ ኋላ ይመለሳል። ከተውላጠ ስም ጋር ማለትም ከ«አይ»፣ ከ«ዩ»፣ ከ«ዊ»፣ ከ«ዘይ» ጋር ማጣበቅ ሁልጊዜ ይቀልላል፤ ከስም ጋር ሲሆን ግን ቆም ብሎ ማየት ይሻላል። ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረው ስሕተት ደግሞ ከታች ባለው ላይ ነው።

```
It's late.          (it is)
The bus lost its way.
```

የመጀመሪያው ቃል የተቆረጠ ስለሆነ በወደቀችው ፊደል ቦታ አፖስትሮፍ አለው፤ ሁለተኛው «የእርሱ» የሚል የባለቤትነት ቃል ስለሆነ የለውም። መፈተኛው አንድ ነው፤ «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ብለህ ዘርዝረህ አንብብ፤ ትርጉም ከሰጠ አፖስትሮፉ ይግባ፣ ካልሰጠ ይውጣ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ራሳቸው በየቀኑ ይስቱታል፤ ቢሆንም የሥራ ማመልከቻ ላይ ሲገኝ ይቅር አይባልም።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ ከብሪታንያ መንግሥት እንውሰድ። የመንግሥቱ ድረ ገጽ የአጻጻፍ መመሪያ «ዩ ዊል»ን «ዩል» እያሉ ማሳጠርን ይፈቅዳል፤ «ካንት» እና «ዶንት»ን የመሰሉ አሉታዎችን ግን ጸሐፊዎቹ እንዲተዉ ይመክራል። ምክንያቱም ብዙ ተጠቃሚዎች ለማንበብ ይቸገሩባቸዋል፣ አንዳንዶቹም ተቃራኒውን አድርገው ያነቧቸዋል። የፊደሏን ትንሽነት አስቡት፤ «ካን» እና «ካንት» በወረቀት ላይ የሚለዩት በአንዲት ጭረትና በአንዲት ፊደል ነው። እንግሊዝኛን ሁለተኛ ቋንቋው ላደረገ፣ ስልኩን በፀሐይ ላይ ለሚያነብ ሰው ይህ ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ የክሊኒክ ማስታወቂያ ላይ፣ የመድኃኒት መመሪያ ላይ፣ ለስደተኞች በሚበተን ወረቀት ላይ «ካኖት» እና «ዱ ኖት» ሙሉ ይሁኑ። ለአለቃዋ የጻፈችው ሴት ላይ ግን አይመለከትም፤ አንባቢዋን ታውቃታለች፣ «ዎንት ቢ ኤብል» የሚለውም የሚሳት አይደለም።

አሁን ወደ «በት» እና «ኤንድ» እንሂድ። እዚህ ላይ አቋሜ የጠነከረ ነው፤ በእነዚህ ቃላት አትጀምሩ የሚለው ሕግ ሕግ ሆኖ አያውቅም።

በ1611 የታተመውን የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የከፈተ ሰው ወዲያው ያየዋል። የዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ 31 ቁጥሮች አሉት፤ ከእነዚያ ውስጥ 29ኙ በ«ኤንድ» ይጀምራሉ። ዕብራይስጡ እንዲሁ ነው፤ ግእዙም በ«ወ» እየጀመረ ሲቀጥል ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። አብርሃም ሊንከን ማርች 4 ቀን 1865 ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ባደረገው ንግግር አንዱን አንቀጽ የዘጋው በ«ኤንድ» በጀመረች አራት ቃል ብቻ ባላት ዓረፍተ ነገር ነው። ከእሷ በፊት ሁለቱም ወገኖች ጦርነትን እንደጠሉ፣ ግን አንዱ አገሪቱን ከሚያቆይ ጦርነት ማንሣትን፣ ሌላው አገሪቱ ከምትጠፋ ጦርነትን መቀበልን እንደመረጠ በረጅሙ ይተነትናል። ከዚያ ነጥብ ያደርግና ጦርነቱ እንደመጣ በአራት ቃል ይናገራል። ያቺን «ኤንድ» አውጥተህ በ«ኮንሲኩዌንትሊ» ብትተካት ሊንከን ምክንያትና ውጤት የሚያስረዳ መምህር ይሆናል። በ«ኤንድ» ግን ማንም ሊያቆመው ያልቻለ ነገር ሲመጣ ይሰማል። የአሜሪካ አሳታሚዎች እንደ ዳኛ የሚያዩት የቺካጎ የአጻጻፍ መመሪያም እግዱ መሠረት እንደሌለው ይጽፋል፤ በጥሩ ጽሑፎች ውስጥ ከመቶ እስከ አሥር የሚደርሱ ዓረፍተ ነገሮች በመስተጻምር እንደሚጀምሩም ይጠቅሳል።

ታዲያ መምህራን ለምን ከለከሉን? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ አሳማኝ ነው። ትንሽ ልጅ «ሄድን። እና በላን። እና ተጫወትን። እና ተመለስን» እያለ ይጽፋል። መምህሩ ያንን ለማቆም ከለከለ፤ ክልከላው ልጁ ካደገ በኋላ ሳይነሣለት ቀረ።

«በት» በተለይ የሚጠቅመው አንባቢው ማወቅ ያለበትን ነገር በሦስት ፊደል፣ ገና በዓረፍተ ነገሩ ደጃፍ ላይ ስለሚነግረው ነው። መንገዱ እዚህ ይታጠፋል ማለት ነው። ደብዳቤው ውስጥ አለቃዋ «ቅዳሜ አልመጣም» የሚለውን አንብባ ምትክ ማሰብ ስትጀምር፣ «በት» ስትመጣ ተስፋ ይሰማታል። «ሃውኤቨር»ም ያንኑ ይላል፤ ግን በሦስት ክፍለ ድምፅና በአንድ ኮማ ታጅቦ ስለሚገባ የስብሰባ አዳራሽ ድምፅ ያመጣል። ዊልያም ዚንሰር በ1976 ባወጣው «ኦን ራይቲንግ ዌል» በተባለው መጽሐፉ ተማሪዎቹ ይህን የትምህርት ቤት ክልከላ እንዲረሱ በግልጽ መክሯል። ይኸው ሰው በስተርጅና ዕድሜው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለጋዜጠኝነት ለሚመጡ የውጭ አገር ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው እንደሆነ ሰዎች እንዴት መጻፍ እንዳለባቸው ንግግር አድርጓል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ሁለት ቦታ እንሰናከላለን። አንዱ ኮማ ነው። «በት» እና «ኤንድ» ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ኮማ አይከተላቸውም፤ ኮማው የ«ሃውኤቨር» ነው። «በት» ብለን ኮማ የምናደርገው «ነገር ግን» ብለን ስለምናርፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ ያ ዕረፍት የለም። ሌላው «ግን» የሚባለው ቃላችን የሚቆምበት ቦታ ነው። «እኔ ግን አልሄድኩም» ስንል ቃሉ ከባለቤቱ በኋላ ገብቶ «እኔ»ን ከሌሎች ይለያል። በእንግሊዝኛ «አይ በት» አይባልም፤ «በት» ወደ ፊት መውጣት አለበት፤ «እኔ» የሚለውን ለማጉላት ደግሞ ድምፅ ወይም ሌላ ቃል ይፈልጋል። ሦስተኛ ነገር ልጨምር፤ በተከታታይ ሁለት ዓረፍተ ነገር በ«በት» ከጀመሩ አንባቢው ሁለት ጊዜ ይታጠፍና መጀመሪያ የመጣበት ቦታ ይገኛል። ሐሳቡ ግራ የሚያጋባው ቃሉ ስለቀለለ ሳይሆን ጸሐፊው አቋሙን ስላልወሰነ ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ «በት» ይውጣ።

ሦስተኛው ጎደሎው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከሦስቱ አደገኛው እሱ ነው።

አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግስ ይቋጫል። ግሱ ካልመጣ ጆሯችን አያርፍም፤ ስለዚህ ግስ የሌለው እንግሊዝኛ ያልተጨረሰ ይመስለናል፣ አውቀን መጻፍም እንፈራለን። እንግሊዝኛ ግን ግሱን ቀድሞ ስለሚናገር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቁራጭ ያንን ግስ ተበድሮ ሊቆም ይችላል። «ጀስት ዲስ ዋን ታይም» የሚለው በደብዳቤው ውስጥ ብቻውን የቆመ ይመስላል እንጂ ከፊቱ ያለውን «ቅዳሜ ሥራ መግባት አልችልም» የሚለውን ሙሉ ተሸክሟል። ዲክንስ በ1853 ተጠናቅቆ የወጣውን «ብሊክ ሃውስ» የጀመረው በአንድ ከተማ ስም ብቻ ነው፤ ከስሙ በኋላ ነጥብ አለ። ቀጥሎም ጭጋጉን፣ ጭቃውን፣ ሰዉን በግስ ሳያስር አንቀጽ በአንቀጽ ይደረድራል። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ምንም ነገር ስለማይንቀሳቀስ ዓረፍተ ነገሮቹም አይንቀሳቀሱም። ያ ትልቅ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ በኢሜይል የምንፈልገው ግን ትንሹን አገልግሎቱን ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ በቀስታ ጣት መጫን።

ቁራጩ የሚበደረው ከቅርብ ጎረቤቱ ስለሆነ ቦታው ወሳኝ ነው። ያቺን «ጀስት ዲስ ዋን ታይም» ከነበረችበት አንሥተን መጨረሻው ላይ እናስቀምጣት።

```
And if Friday night is still open, I'll take that
too. Just this one time.
```

አሁን ሴትዮዋ ያለችው ሌላ ነገር ሆነ፤ አርብ ማታ የምሠራልሽ አንዴ ብቻ ነው፣ እንዳትለምጂ ማለት ሆነ። ቃላቱ አልተለወጡም። የተለወጠው ጎረቤታቸው ነው። ደግነት የነበረው ነገር ማስጠንቀቂያ ሆነ። ፍራግመንት የጻፈ ሁሉ ማድረግ ያለበት ፍተሻ ይኸው ነው፤ ከፊቱ ያለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቦ ቁራጩ የእሱ ጭራ መሆኑን ማረጋገጥ።

ስሕተት የሚሆነው ፍራግመንት የትኛው ነው? በአብዛኛው በ«ቢኮዝ»፣ በ«ዌን»፣ በ«ኦልዞው» ጀምሮ ሳይደርስ የሚቀረው ነው። «ኦልዞው ዘ ባስ ዎዝ ሌት» ብሎ ነጥብ ያደረገ ሰው አንባቢውን «አውቶቡሱ ቢዘገይም...» ብሎ አንጠልጥሎ ትቶታል። ልዩነቱን በጆሮ መለየት ይቻላል። ቁራጩን ለብቻው ጮክ ብለህ በለው። «አንዴ ብቻ» ቢልህ ሰው ትረዳዋለህ፤ ለጥያቄ መልስም ይሆናል። «ቢዘገይም» ቢልህ ግን «ቢዘገይም ምን?» ትለዋለህ። «ቢኮዝ» መካከል ላይ ነው ያለው፤ ለጥያቄ መልስ ሲሆን በንግግር ይቆማል፤ በጽሑፍ ግን ጥያቄው ገጹ ላይ ከሌለ ከዋናው ዓረፍተ ነገር ጋር ማያያዝ ይሻላል።

መጠኑም መታሰብ አለበት። በአንድ አጭር ኢሜይል አንድ ፍራግመንት ይበቃል። ሦስት ከሆኑ ጽሑፉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሆናል፤ ሁሉም ቃል እየጮኸ የትኛው ዋና እንደሆነ ይጠፋል። ማሳጠር ግን እንዲህ አይቆጠርም፤ ስለማይታይ ብዙ ቢሆንም አይረብሽም። «በት» በመካከላቸው ነው። ለምን ቢባል ማሳጠር ድምፅን ብቻ ይነካል፣ «በት» የሐሳቡን አቅጣጫ ይነካል፣ ፍራግመንት ደግሞ አንባቢውን ቁጭ አድርጎ ያቆመዋል። ሰው በየሁለት እርምጃው መቆም አይወድም።

እነዚህን ሦስቱን ይዘን የማንገባባቸው ቤቶች አሉ። ውል፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ቃለ መሐላ፣ ለኢሚግሬሽን የሚገባ ማመልከቻ፣ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፍ በሙሉ ቃል ይጻፉ። በተለይ ሕጋዊ ወረቀት ላይ አንድ «ኖት» በጭረት ተቀንሳ ብትሳት የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። አይኤልትስ የሚፈተኑም ልብ ይበሉ፤ በጄኔራል ትሬኒንግ የመጀመሪያው ሥራ ለጓደኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ከመጣ ማሳጠር ይገባል፣ አለማሳጠሩ እንዲያውም ቃናውን ያበላሻል፤ በሁለተኛው ሥራ በሚመጣው ድርሰት ግን ሙሉውን መጻፍ ይሻላል። የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍም ቢሆን «በት»ን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ብዙ ጊዜ ማሳጠሩንና ፍራግመንቱን ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተማሪ ሦስቱን አንድ ላይ ጥሎ አንድ ገጽ ላይ ሰባት «ሞርኦቨር» ይደረድራል።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ለአለቃ፣ ለልጅ መምህር፣ ለቤት አከራይ፣ ለባልደረባ የምንጽፈው፣ ክፍት ሜዳ ነው። ድርቀት ውጭ አገር የሚኖረውን ሰው በብዛት የሚጎዳውም እዚያ ነው። የልጁ መምህርት በ«አይም ሶ ግላድ» የጀመረችለትን መልእክት በ«አይ ሃቭ ሪሲቭድ ዩር ኮረስፖንደንስ» የሚመልስ አባት ሳያስበው በሩን ዘግቶባታል። እሷ እጇን ለሰላምታ ዘርግታ ነበር። የመልሱን ቃና መወሰን የሚከብድ ከሆነ ቀላሉ መንገድ የደረሰንን መልእክት ማየት ነው። ላኪው ካሳጠረ እናሳጥር፤ ሙሉ ከጻፈ እኛም በመጀመሪያው ደብዳቤ ሙሉ እንጻፍ፤ ሁለተኛው ላይ እሱ ሲላላ እኛም እንላላ።

ለእንግሊዝኛ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። በታችኛው ክፍል «በኤንድ አትጀምር» ብላችሁ ከሆነ ለጊዜው ጠቅሞ ይሆናል። ልጁ ዓረፍተ ነገር ማሰርና መፍታት ሲችል ግን፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይወጣ፣ ክልከላውን ራሳችሁ አንሡለት። ያስቀመጣችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ከእናንተ አፍ ካልሰማ አያምንም። ደብተሩ ላይ «ዶንት» ሲጽፍ ቀይ ከማስመር በፊት ጽሑፉ ለማን እንደሆነ ጠይቁት፤ ለጓደኛው ከሆነ ልክ ነው።